ከችኮላ መልእክት ወደ ደብዳቤ፦ የክፍል ኃላፊ መምህር ስለ ክፍያ፣ ስለ መቅረትና ስለ ጠባይ ለወላጅ የሚጽፈው

አንድ የ5ኛ ክፍል ኃላፊ መምህር፣ ዓርብ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በዕረፍት ሰዓት፣ ለአንዲት እናት በቴሌግራም የሚከተለውን ላከ እንበል።

«ልጅሽ በዚህ ሳምንት 3 ቀን ቀርቷል የኅዳርም አልከፈላችሁም ዛሬ ደሞ ልጅ ደብድቧል በጣም ባለጌ ሆኗል ሰኞ ጠዋት ሳትመጪ ክፍል አይገባም»

መልእክቱ ለዚህ ጽሑፍ የተቀናበረ ነው፤ ቀኑም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሰው የገንዘብ መጠን ለማብራሪያ ብቻ የተሰጠ ነው። ይሁን እንጂ በግል ትምህርት ቤት የክፍል ኃላፊ ሆኖ የሠራ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። መምህሩ ክፉ ሰው ስለሆነ አልጻፈውም። ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ቀርቶታል፣ ክርኑ የተላለጠ ልጅ አጠገቡ ቆሟል፣ ከሂሳብ ክፍል የተላከለት የስም ዝርዝርም በኪሱ አለ። ጥያቄው ይህ መልእክት በትምህርት ቤቱ ማኅተም ወደ ወላጅ ይሄድ ዘንድ እንዴት ይጻፋል የሚለው ነው።

የተለመደው እርማት ብዙ ጊዜ በጽሕፈት ቤት ይሠራል። «አንቺ» «እርስዎ» ይሆናል፤ ዐረፍተ ነገሮቹ በ«ሲሆን» እና በ«በመሆኑ» ይያያዛሉ። ውጤቱም ይህን ይመስላል፦

«ልጅዎ በዚህ ሳምንት 3 ቀን ከትምህርት ገበታው የቀረ ሲሆን፣ የኅዳር ወር ክፍያም ስላልፈጸሙና ከዚህም በተጨማሪ ልጅዎ የሥነ ምግባር ጉድለት ያሳየ በመሆኑ፣ ሰኞ ጠዋት ቀርበው እንዲያስረዱ እያሳሰብን፣ ይህ ሳይሆን ቢቀር ወደ ክፍል እንዳይገባ የሚደረግ መሆኑን እናስታውቃለን።»

ሰዋስዉ እንከን የለበትም፤ አንባቢዋ ላይ የሚያደርሰው ግን ከመጀመሪያው የባሰ ነው። በመጀመሪያው መልእክት ቢያንስ አንድ የተናደደ ሰው ይሰማል። በሁለተኛው ውስጥ የተናደደው መሥሪያ ቤት ነው። በዚያ ላይ «ደብድቧል» የሚለው ቃል፣ ስሕተት ሊኖርበት ቢችልም አንድ ነገር ይናገር ነበር፤ «የሥነ ምግባር ጉድለት» ግን እናትየዋን ሌሊቱን ሙሉ ስታስብ ከማሳደር በቀር ስለተፈጸመው ነገር ምንም አይነግራትም። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ሐሳብ፣ አክብሮት የሚለካው በተውላጠ ስሙ ሳይሆን ዐረፍተ ነገሩ ወላጁን በምን እንደሚከስስ በመመርመር ነው የሚል ነው። ይህን ለማየት መልእክቱን መበታተን ያስፈልጋል።

አንዱን መልእክት ሦስት ማድረግ

ሦስቱ ጉዳዮች የሦስት ሰዎች ናቸው። ክፍያው የሂሳብ ክፍል ነው፤ መቅረቱ የክፍል ኃላፊው ነው፤ የዕረፍት ሰዓቱ ነገር የክፍል ኃላፊውና የዩኒት ሊደሩ ነው። በአንድ ወረቀት ሲጻፉ ግን ወላጅ የሚያነብበው ሦስት ጉዳይ ሳይሆን አንድ ታሪክ ነው፤ ታሪኩም «ስላልከፈልን ነው ልጃችንን የጠመዱት» የሚል ይሆናል። ይህ ጥርጣሬ አንዴ ከገባ፣ መምህሩ ስለ ልጁ ጠባይ የሚናገረው እውነት ሁሉ የገንዘብ ማስከፈያ ዘዴ መስሎ ይታያል። ከዚህ ሌላ፣ የጠባይ ማስታወቂያ ግልባጩ በተማሪው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ከዓመት በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሌላ መምህር፣ የቤተ ሰቡን የክፍያ ታሪክ አብሮ የሚያነብበት ምክንያት የለም።

ክፍያ፦ የማይታወቀውን አለመናገር

«የኅዳርም አልከፈላችሁም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ባለጌነቱን ትተን ትክክለኛነቱን እንኳ ብንጠይቅ መምህሩ ሊያውቀው የማይችለው ነገር ነው። ብዙ ወላጆች ክፍያ የሚፈጽሙት በባንክ ወይም በስልክ ዝውውር ነው። ገንዘቡ የሚገባው በላኪው ስም ነው፤ ላኪዋ እናት፣ ወይም አጎት፣ ወይም ጎረቤት ልትሆን ትችላለች። በእኛ የስም አወጣጥ የልጁ ሙሉ ስም ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር እንጂ ከእናቱ ስም ጋር ስለማይገጥም፣ ደረሰኙ ለገንዘብ ያዡ ካልቀረበ በቀር ብሩ የማን ልጅ ክፍያ እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ማስረጃ እንዳልደረሰው ብቻ ነው። ይህን ብቻ ሲጽፍ ሐቀኛ ይሆናል፤ አክብሮቱም ከሐቀኝነቱ ይመጣል።

«የተማሪ … የኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. የትምህርት ክፍያ ብር 3,200 (ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር) የተከፈለበት ማስረጃ እስከ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ለሂሳብ ክፍላችን አልደረሰንም። ክፍያውን አስቀድመው ፈጽመው ከሆነ የባንኩን ደረሰኝ ወይም ፎቶግራፉን እንዲልኩልን፣ ካልፈጸሙም እስከ ዓርብ ኅዳር 13 ቀን ድረስ እንዲፈጽሙ በአክብሮት እንጠይቃለን። በተጠቀሰው ቀን ለመክፈል የሚያስቸግር ሁኔታ ካጋጠመዎ፣ ከቀኑ በፊት ለሂሳብ ክፍሉ ኃላፊ ቢያሳውቁን መፍትሔ አብረን ለመፈለግ ዝግጁ ነን።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር መግባት ያለበት የሂሳብ ክፍሉ በእርግጥ ቀን የማራዘም ሥልጣን ካለው ብቻ ነው። የሌለ በር የሚያሳይ ደግ ዐረፍተ ነገር በሩን ከሚዘጋ ቁጡ ዐረፍተ ነገር ይልቅ ይጎዳል። ማስታወቂያው በታሸገ ፖስታ ወይም በቀጥታ ለወላጁ ስልክ ይላካል እንጂ በክፍሉ የወላጆች ግሩፕ አይለጠፍም፤ ልጁ በእጁ ይዞት የሚሄደው ክፍት ወረቀትም መሆን የለበትም።

መቅረት፦ «ያስቀሩበትን ምክንያት»

መቅረትን የሚመለከቱ ደብዳቤዎች አንድ የተለመደ ሐረግ አላቸው፤ «ልጅዎን ከትምህርት ገበታ ያስቀሩበትን ምክንያት እንዲገልጹ» የሚል። ሐረጉ ጨዋ ይመስላል። «አስ-» የምትለው ምዕላድ ግን ሥራዋን ሠርታለች፤ ልጁ «ቀረ» መባሉ ቀርቶ ወላጁ «አስቀረ» ተብሏል። ትምህርት ቤቱ ይህን ከየት አወቀ? ልጁ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ በሰዓቱ ከቤት ወጥቶ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ እናትየዋ መቅረቱን የምትሰማው ከዚህ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ አስቀሪዋ አንቺ ነሽ ይላታል።

እዚህ ላይ ደብዳቤ ራሱ ትክክለኛው መሣሪያ አለመሆኑን መቀበል ይገባል። ስም ከተጠራ በኋላ ያልተገኘ ልጅ በዚያው ጠዋት ስልክ ሊደወልለት ይገባል። ደብዳቤው የሚከተለው ለመዝገብና ያመለጠውን ትምህርት ለማካካስ ነው። በምሳሌያችን መምህሩ ዓርብ ድረስ መቆየቱ ከቃላቱ ሁሉ የከፋ ጥፋቱ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም አራሚ ሊያቃናለት አይችልም።

ሌላው ነገር ቁጥሩ ነው። «3 ቀን» የተባለው ከመዝገቡ ጋር ሲመሳከር ብዙ ጊዜ ይለወጣል። የስም መጥሪያው ሲታይ ልጁ ማክሰኞና ረቡዕ አልነበረም፤ ሐሙስ ግን ስም ከተጠራ በኋላ መጥቶ ስለነበር የመቅረት ምልክቱ ሳይሰረዝ ቀርቷል እንበል። ወላጅ ሐሙስ ልጇን ራሷ ያደረሰችው ከሆነ፣ ይህች አንዲት ስሕተት የቀሩትን ሁለት ቀናት እውነትነት ይዛ ትጠፋለች። ስለዚህ የቀናት ብዛት ብቻ ሳይሆን ዕለታቱ በስም ይጻፋሉ።

«ተማሪ … ማክሰኞ ኅዳር 3 እና ረቡዕ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ትምህርት ቤት አልተገኘም። ሐሙስ ኅዳር 5 ቀን ከጠዋቱ 2፡40 ላይ፣ ስም ከተጠራ በኋላ ደርሷል። መቅረቱን እርስዎ የሚያውቁት መሆኑን ለማረጋገጥ እንወዳለን። ታሞ ወይም ሌላ ችግር አጋጥሞት ከሆነ ቢያሳውቁን፣ በሁለቱ ቀናት ያመለጠውን ትምህርት የሚያካክስበትን ጊዜ እናመቻቻለን።»

ጠባይ፦ ስድቡ የሚያርፈው በማን ላይ ነው?

ከሦስቱ እጅግ አስቸጋሪው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ያለው በቋንቋው ውስጥ ነው። በአማርኛ የልጅን ጠባይ የምንነቅፍባቸው ቃላት አብዛኞቹ ልጁን አልፈው አሳዳጊውን ይመታሉ። «አሳዳጊ የበደለው»፣ «ስድ አደግ»፣ «ያልተቀጣ» የሚሉት ይህን በግልጽ ይናገራሉ፤ በዳዩም፣ የለቀቀውም፣ ያልቀጣውም ወላጅ ነው። «ባለጌ» በቅርጹ ይህን ባይናገርም የሚኖረው በእነዚሁ ጎረቤትነት ነው፤ ተቃራኒው «ጨዋ» ነው፤ ጨዋ ልጅ ሲመሰገንም «የጨዋ ልጅ» ይባላል። ምስጋናው ለወላጅ ከሆነ ነቀፌታውም ለወላጅ መሆኑ አይቀርም። እንግዲህ «ልጅሽ ባለጌ ሆኗል» የተባለች እናት ተሰደብኩ ብላ ብትቆጣ ቋንቋዋን በትክክል ተረድታለች ማለት ነው። «ልጅዎ ባለጌ ሆነዋል» ቢባል ደግሞ ነገሩ ሳቅ ከመሆን አያልፍም።

«የሥነ ምግባር ጉድለት» ከዚህ ማምለጫ ሆኖ የመጣ የመሥሪያ ቤት ቃል ነው። ስድቡን ያለዝባል እንጂ ፍርዱን አያነሣም፤ ጉድለት ሲባል ያጎደለው ማነው የሚለው ጥያቄ ወደዚያው ይመለሳል። መውጫው ሌላ ለስላሳ ቃል መፈለግ ሳይሆን የጠባይን ስም ጨርሶ ትቶ ድርጊቱን መተረክ ነው።

ድርጊቱን ለመተረክ ግን አራሚው ወደ መምህሩ ተመልሶ መጠየቅ አለበት። በየትኛው ሰዓትና የት ነው? ማን አየ? ልጁ ራሱ ሲጠየቅ ምን አለ? የተጎዳው ልጅ እንዴት ሆነ? በምሳሌያችን መምህሩ ሲጠየቅ፣ ልጁ ሲደበድብ አላየም። በውኃ ቧንቧው ወረፋ ግርግር ሰምቶ ሲደርስ አንድ ልጅ ወድቆ አገኘ፤ ሁለት ተማሪዎች «እሱ ነው የገፋው» አሉት። ተከሳሹን ግን ገና አልጠየቀውም ነበር። ሲጠየቅ መግፋቱን አመነ፤ አስቀድመው ከወረፋው እንዳስወጡትም ተናገረ። ከዚህ በኋላ «ደብድቧል» የሚለው ቃል በራሱ ጊዜ ወደቀ። ማንም ቃሉን አላለሰለሰውም፤ የተባለው ነገር ስላልተፈጸመ ነው የቀረው።

ስለ ተደራጊ ግሥ እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት ተገቢ ነው። የመሥሪያ ቤት አማርኛ «ተከፍሏል»፣ «ተገልጿል»፣ «ታይቷል» ማለትን ይወዳል። በክፍያው ማስታወቂያ ላይ ይህ ቅርጽ ጥሩ አገልግሎት ሰጥቷል፤ «ያልከፈሉት» የሚለውን ወቀሳ ከወላጁ ትከሻ አንሥቶ ነገሩን በማስረጃው ላይ አሳርፎታል። በጠባይ ጉዳይ ግን ያው ቅርጽ ምስክሩን ይደብቃል። «ሲደባደብ ታይቷል» ሲባል ያየው ማነው? ወላጅ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህን ነው፤ መልስ የሌለው ደብዳቤ ደግሞ ሐሜት ይሆናል። ስለዚህ እዚህ ላይ «እኔ» ማለት ይሻላል፤ መምህሩ ያየውን «አየሁ»፣ የሰማውን «ነግረውኛል» ብሎ ይጻፍ።

የአክብሮት ቅርጹም የራሱ ወጥመድ አለው። «እርስዎ» የሚወስደው ግሥ «እነሱ» ከሚወስደው ጋር አንድ ነው። «መምህራኑ ሲያነጋግሩት ዝም ስለሚል ቢመክሩት መልካም ነው» ብንጽፍ፣ የሚመክሩት መምህራኑ ናቸው ወይስ ወላጅ? በ«አንቺ» ሲጻፍ «ብትመክሪው» ግልጽ ነበር፤ አክብሮቱ ሲገባ ግልጽነቱ ወጣ። እንደዚህ ባለው ቦታ «እርስዎ» የሚለውን ቃል ሳይዘልሉ በግልጽ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

የጥሪው ቃልም መመረጥ አለበት። «ቀርበው እንዲያስረዱ» የፍርድ ቤትና የፖሊስ ሽታ አለው፤ «ጥብቅ ማሳሰቢያ» የሚለውም እንደዚያው ነው። «ሳትመጪ ክፍል አይገባም» የሚለው ደግሞ ከቃሉ ሻካራነት በፊት የሥልጣን ጥያቄ ያስነሣል፤ የክፍል ኃላፊ ብቻውን ተማሪን ከክፍል ለማገድ ካልተፈቀደለት፣ ማስታወቂያው ማንም ያልወሰነውን ቅጣት ሊያውጅ አይችልም። እናትየዋ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ከሥራ መቅረት የማትችል ብትሆን፣ ልጁ ሰኞ ይምጣ ወይስ አይምጣ? ዝም ማለት እንኳ ልጁን ሌላ ቀን ሊያስቀረው ይችላልና፣ ማስታወቂያው ይህን በግልጽ መመለስ አለበት። ሙሉ ቅጹ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ቀን፦ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተማሪ … ወላጅ ወይም አሳዳጊ

ጉዳዩ፦ ዓርብ ኅዳር 6 ቀን በዕረፍት ሰዓት ስለተፈጠረ ሁኔታ

ዛሬ ከረፋዱ 4፡15 ገደማ በውኃ ቧንቧው አጠገብ አንድ የክፍላችን ተማሪ ወድቆ ክርኑ ተላልጧል። እኔ ወደ ስፍራው የደረስሁት ልጁ ከወደቀ በኋላ ነው። በወረፋው ላይ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ልጅዎ እንደገፋው ነግረውኛል። ልጅዎን ስጠይቀው መግፋቱን አምኗል፤ ከዚያ በፊት ሌሎች ልጆች ከወረፋው እንዳስወጡትም ነግሮኛል። የወደቀው ተማሪ ቁስሉ ታጥቦለት ወደ ክፍል ተመልሷል።

ስለዚህ ጉዳይ ከእርስዎ ጋር ለመነጋገር እንፈልጋለን። ሰኞ ኅዳር 9 ቀን ከጠዋቱ 2፡00 እስከ 2፡30፣ ወይም ከቀኑ 9፡30 እስከ 10፡30 ካለው ጊዜ የሚመችዎን በስልክ ቁጥር … ቢያሳውቁን እናመሰግናለን። ሁለቱም የማይመችዎ ከሆነ በስልክ ልንነጋገር እንችላለን። ልጅዎ ሰኞ እንደ ወትሮው ትምህርቱን ይከታተላል።

ከሰላምታ ጋር

(ስምና ፊርማ)
የ5ኛ «ለ» ክፍል ኃላፊ መምህር

ግልባጭ፦ ለዩኒት ሊደር

የወደቀው ልጅ ስም አልተጻፈም፤ የሁለቱ ምስክሮችም እንዲሁ። ስማቸው ቢጻፍ ጉዳዩ ሰኞ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሳይሆን ከሁለት ቤተ ሰቦች ደጃፍ ይጀምራል።

ለማን ይጻፋል?

በቅጹ ላይ «ለአቶ …» ወይም «ለወይዘሮ …» አልተባለም። ምክንያቱን ያገኘሁት በራሴ ስሕተት ነው። መምህር በነበርኩበት ጊዜ፣ ከክፍል መዝገቡ የተማሪውን ሁለተኛ ስም ወስጄ «ለአቶ» ብዬ የጻፍሁለት ሰው ከሁለት ዓመት በፊት የሞተ አባት ነበር። ልጁ ወረቀቱን ለእናቱ ሰጥቶ ነበርና እናትየዋ ደብዳቤውን ይዛ መጣች፤ ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል ሳትናገር ስሙን በጣቷ አሳየችኝ። የጻፍሁት ነገር ትክክል ነበር፤ ውይይቱ ግን በዚያ ቀን አልተቻለም።

የስም አወጣጣችን እንዲህ ያለውን ስሕተት ይጋብዛል። ከልጁ ስም የአባቱ ስም ይገኛል፤ አባትየው በሕይወት መኖሩ፣ ከልጁ ጋር መኖሩ፣ ወይም ልጁን ማሳደጉ ግን አይገኝም። የእናትየዋ ስም ደግሞ ፈጽሞ አይገኝም፤ «ወይዘሮ» ብሎ የልጁን አባት ስም መቀጠል ለአብዛኛዋ እናት የሌላ ሰው ስም ነው። ስለዚህ የተመዘገበ የአሳዳጊ ስም ካለ ከምዝገባ ቅጹ ላይ ይወሰዳል፤ ከሌለ «ወላጅ ወይም አሳዳጊ» ይበቃል። «ክቡር»፣ «እጅግ የተከበሩ» እያሉ ማብዛት አይጠቅምም፤ ከበዛ አንባቢው ምን ሊጠየቅ እንደሆነ ይሰጋል።

ለብዙ ወላጆች በአንድ ጊዜ ሲጻፍ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። አማርኛ ለ«እናንተ» የተለየ የአክብሮት ቅርጽ ስለሌለው፣ በግሩፕ የሚላከው «እስከ ዓርብ እንድትከፍሉ» የሚለው ቃል ትእዛዝ ይመስላል። «ወላጆች እስከ ዓርብ ኅዳር 13 ቀን ክፍያ እንዲፈጽሙ እንጠይቃለን» ብሎ በሩቅ ቅርጽ መጻፍ ይህን ያቃናዋል፤ የማንም ስም ስላልተጠራም ማንንም አያሳፍርም።

በመጨረሻ የቅርጹን ገደብ መናገር ያስፈልጋል። ማንበብ የማይችል ወይም ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ወላጅ ደብዳቤውን የሚያስነብበው አብዛኛውን ጊዜ በልጁ ነው። ስለ መቅረትና ስለ ጠባይ የተጻፈ ማስታወቂያ ሲሆን ተከሳሹ የክሱ አስተርጓሚ ሆነ ማለት ነው፤ የሚያልፈውን ያልፋል፣ የሚቀይረውን ይቀይራል። እንዲህ ባለው ጊዜ ደብዳቤው ለፋይሉ ይቀመጥና መምህሩ ወይም ቋንቋውን የሚያውቅ ባልደረባ ስልክ ደውሎ ያንኑ ጽሑፍ ለወላጁ ያነብባል። ከላይ የቀረቡት ዐረፍተ ነገሮች አጫጭር የሆኑት ለዚህም ነው፤ «ሲሆን» እና «በመሆኑ» በሞላበት ደብዳቤ፣ በስልክ የሚያዳምጥ ሰው የዐረፍተ ነገሩን ግሥ ሳይሰማ መጀመሪያውን ይረሳል።